ምዕራፉ ከጭንቅላቴ ጠፋ፤ በሽታ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጅማ የምማር የሁለተኛ ዓመት የሳይኮሎጂ ተማሪ ነኝ። ስለ ትውስታ የሚያወራውን ምዕራፍ አራት ጊዜ አንብቤ፣ ማጠቃለያም ጽፌ፣ በማግስቱ ምንም የለም። ማጠቃለያዬ ላይ «ኤቢንግሃውስ፦ ሰው በአንድ ቀን 66 በመቶ ይረሳል»፣ «ኤች.ኤም.፦ አንጎል ሲጎዳ ትውስታ ይጠፋል» ይላል። እኔም እንደዚያ ሰውዬ እየሆንኩ ይመስለኛል። የማጠናው ማታ ማታ ቅሜ ነው፤ እንቅልፍ እንዲወስደኝ ጓደኛዬ ዲያዜፓም ይሰጠኛል። የማስታወስ ችሎታ የሚጨምር መድኃኒት ካለ ይንገሩኝ።

መልስ፦ እንደዚያ ሰውዬ እየሆንክ አይደለም። ማታ ምን እንደምታደርግ፣ ኪኒኑን ማን እንደሚሰጥህ፣ ምዕራፉን ስንት ጊዜ እንዳነበብክ በቅደም ተከተል ጽፈህልኛል። ኤች.ኤም. ይህን ማድረግ አይችልም ነበር። ያስፈራህ አንጎልህ ሳይሆን ማጠቃለያህ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ኤች.ኤም. የተባለው ሄንሪ ሞላይሰን ከባድ የሚጥል በሽታ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1953 ቀዶ ጠጋኙ ስኮቪል ከአንጎሉ የጎን ክፍሎች ውስጠኛውን ገጽ፣ ከሂፖካምፐስ ብዙውን ጨምሮ፣ ከግራም ከቀኝም ቆርጦ አወጣለት። ከዚያ በኋላ ሰውየው ከጥቂት ደቂቃ በፊት ያገኘውን ሰው እንደ አዲስ ይተዋወቅ ነበር። ልጅነቱን ግን አልረሳም፤ ቋንቋውም አልጠፋም። ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽን በእርሳስ እንዲከተል ስታደርገው ደግሞ፣ ይህን ሥራ ከዚህ በፊት መሥራቱን ሳያስታውስ እጁ ከቀን ወደ ቀን ስህተት እየቀነሰ ሄደ። ጥናቱ ያሳየው እንግዲህ ይህን ነው፦ አዲስ ገጠመኝን የማስቀመጥ ሥራ በዚያ የአንጎል ክፍል ላይ ይመካል፤ የእጅ ልምድ መማር ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። «አንጎል ሲጎዳ ትውስታ ይጠፋል» ብለህ ስትጽፍ ቀዶ ጥገናውም፣ መስታወቱም፣ ሳይጠፋ የቀረውም ነገር አብሮ ወጣ። የቀረህ የሚያስፈራው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ኤቢንግሃውስም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ የተፈተነው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ራሱ። የሚያጠናው ትርጉም የሌላቸውን አጫጭር ድምፆች ሲሆን፣ የለካውም «ስንቱን አስታወስኩ» ብሎ አይደለም። ዝርዝሩን ያለ ስህተት እስኪወጣው ድረስ የፈጀበትን ጊዜ ይይዛል፤ ቆይቶ ያንኑ ዝርዝር እንደገና ያጠናና ስንት ጊዜ እንደተረፈለት ያሰላል። መጀመሪያ 1000 ሰከንድ ፈጅቶበት በማግስቱ 660 ከበቃው፣ የተረፈው 34 በመቶ ነው። በማግስቱ ያገኘው ውጤት ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ ከአንድ ወር በኋላም ወደ 21 በመቶ ገደማ ይተርፍለት ነበር። ያንተ «66 በመቶ ይረሳል» የመጣው ይህን ቁጥር ከመቶ ቀንሶ ትርጉሙን ከመቀየር ነው። አንድ ቃል እንኳ በቃልህ መጥራት ሳትችል ሁለተኛው ጥናት ሊያጥርልህ ይችላል። ስለዚህ «ምንም የለም» ያልከውም አልተረጋገጠም፤ ምዕራፉን እንደገና ስትይዘው ስንት ሰዓት እንደፈጀብህ አልለካህማ።

አሁን ወደ ኪኒኑ።

ትውስታ የሚጨምር መድኃኒት ትጠይቀኛለህ፣ በሌላ እጅህ ደግሞ ትውስታ የሚከለክል መድኃኒት ትውጣለህ! ዲያዜፓም አዲስ ነገር እንዳይቀመጥ ያግዳል። ሐኪሞች አንዳንድ አስጨናቂ ምርመራ ከማድረጋቸው በፊት ከዚሁ ወገን የሆነ መድኃኒት የሚሰጡት፣ በሽተኛው ምርመራውን እንዳያስታውሰው ጭምር ነው። ደግሞም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ማታ የዋጥከው በማግስቱ ክፍል ውስጥ አብሮህ ይቀመጣል። ጓደኛህ ሐኪም አይደለም፤ የእሱ ኪኒን ላንተ አልታዘዘም። የወሰድከው አልፎ አልፎ ብቻ ከሆነ ዛሬውኑ ተወው። ለሳምንታት በየሌሊቱ ከሆነ ግን በራስህ ድንገት አታቁም፤ ድንገት ማቆም የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሄደህ ስንት ሚሊግራም፣ ስንት ጊዜ እንደወሰድክ ሳትደብቅ ተናገር፤ መጠኑ ቀስ በቀስ ይቀነስልሃል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በየዶርሙ የሚደረገውን ሁሉም ያውቃል። ከበርጫ በኋላ ጨብሲ፣ ከጨብሲ በኋላ ኪኒን። መጠጥና ዲያዜፓም ሲገናኙ ትንፋሽን ያደክማሉ፤ ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ከተጨመረበት ይብሳል። አብሮህ ያለ ልጅ ሲነቀነቅ ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም እያንኮራፋ ከተቆራረጠ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ «ተኝቶ ይለፍለት» ብላችሁ እንዳትተዉት። በጎኑ አስተኙት፣ ምንም አታጠጡት፣ አንድ ሰው ከአጠገቡ ሳይለይ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የዋጠውንም ኪኒን ስም ለሐኪሙ ንገሩ። ወቀሳ ፈርታችሁ ብትደብቁ የሚጎዳው እሱ ነው።

ስለ ጫቱ ጅማ ላይ ሆኖ ማውራት ቀላል አይደለም። ተማሪው የሚለውን አውቃለሁ፦ «በምርቃና ያነበብኩት አይጠፋም፤ ከጠፋም ፈተና ቀን ቅሜ ብገባ ይመለሳል።» የሳይኮሎጂ ተማሪ ሲሆን ደግሞ ምስክር ይጠራል፤ የጎደንና የባድሊ ጠላቂ ዋናተኞች። እስቲ ያንን ጥናት በደንብ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1975 ጠላቂዎች የቃላት ዝርዝር ግማሹን ጊዜ የብስ ላይ፣ ግማሹን ጊዜ ውኃ ውስጥ ሆነው ሰሙ። ከዚያ በሰሙበት ወይም በሌላው ቦታ እንዲያስታውሱ ተደረገ። ከ36 ቃላት የብስ ላይ ሰምተው የብስ ላይ ያስታወሱት በአማካይ 13.5፣ ውኃ ውስጥ ሰምተው ውኃ ውስጥ ያስታወሱት 11.4 ነበር። ቦታ ሲቀየር ግን ወደ 8.5 ወረደ። ጥሩ። ይህ ስለ ቦታ የተደረገ ጥናት እንጂ ስለ ዕፅ አይደለም፤ ጫት የቃመ ሰው በውስጡ የለም። ቦታውም ቢሆን ከውኃ በታችና ከውኃ በላይ የሚያህል ልዩነት ነበረው። ያው ቡድን በኋላ ጠላቂዎቹ ቃላቱን በራሳቸው እንዲያመጡ ሳይሆን ከቀረቡላቸው መካከል እንዲለዩ ሲያደርግ፣ የቦታው ልዩነት ታጣ፤ ምርጫ ያለው ፈተና የሚመስለው ደግሞ ይኸኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሌሎች ሙከራውን ደግመው ሲሠሩትም የመጀመሪያውን ውጤት አላገኙም። ከዚህ ተነስቶ «ቅመህ ፈተና ግባ» የሚል ሰው ጥናቱን ሳይሆን ርዕሱን ነው ያነበበው።

ጫት በእርግጥ ያነቃል። ውስጡ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ሰው እየቃመ ብዙ ገጽ ይገለብጣል፣ ሁሉም የገባው ይመስለዋል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። እንቅልፍ ይሸሻል፤ ቀን የተማርከው የሚጠናከረው ደግሞ በእንቅልፍ ነው። ስለዚህ ጫቱ እንቅልፍህን ወሰደ፣ እንቅልፉን ፍለጋ ኪኒን ዋጥክ፣ ኪኒኑም የጧቱን ትምህርት ወሰደ። ምርመራ የሚያስፈልገው በሽታ ከመፈለጋችን በፊት ይህን ክብ መስበር አለብን። ከሰዓት በኋላ አታጥና አላልኩም፤ ሌሊቱን ግን ለእንቅልፍ ተወው።

ምዕራፉን ለማጠቃለል እያንዳንዱን ጥናት ሦስት ነገር ጠይቀው፦ ምን አደረጉ፣ ምን አገኙ፣ ከዚህ ምን ማለት ይቻላል። የሚበላሸው ሁልጊዜ ሦስተኛው ላይ ነው። የሎፍተስንና የፓልመርን እ.ኤ.አ. የ1974 ጥናት ውሰድ። አንተ ምናልባት «ጥያቄ ትውስታን ይለውጣል» ብለህ አልፈኸዋል። ያደረጉት ግን ሁለት ሙከራ ነው። በመጀመሪያው 45 ተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልሞች አይተው ፍጥነቱን ገመቱ፤ በጥያቄው ውስጥ አንድ ግስ ብቻ ይለያይ ነበር። «ተላትመው ሲደቃቀቁ» የሚል ስሜት ያለው ግስ የደረሳቸው በአማካይ 40.8 ማይል በሰዓት፣ «ሲነካኩ» የሚለው የደረሳቸው 31.8 ገመቱ። እዚህ ላይ ብታቆም ትውስታቸው ተለወጠ ማለት አትችልም፤ ማስታወሳቸው ሳይነካ ግሱ ወደ ከፍተኛ ቁጥር ገፍቷቸው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሙከራ የተሠራው ለዚህ ነው። 150 ተማሪዎች ፊልም አይተው፣ ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ተባሉ፤ በፊልሙ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ኃይለኛው ግስ ከደረሳቸው 50 መካከል 16ቱ፣ «ሲጋጩ» ከተባሉት 50 መካከል 7ቱ፣ ስለ ፍጥነት ካልተጠየቁት 50 መካከል 6ቱ «አይተናል» አሉ። አሁን ከግምት አልፈን ስለ ትውስታ መናገር እንችላለን። ግን 34ቱ አልተሳሳቱም፤ ፊልም ያዩ ተማሪዎች እንጂ አደጋ የደረሰባቸው ሰዎችም አልነበሩም። ሦስተኛው መልስህ ይህን መያዝ አለበት፦ የጥያቄ ቃል የአንዳንድ ሰዎችን የኋላ ትውስታ ሊያዛባ ይችላል፤ የሁሉንም አይደለም።

አራት ጊዜ ማንበብህንም አንድ ጥናት ይመልስልሃል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ አንዱን ቡድን ጽሑፍ አራት ዙር አስነበቡ፤ ሌላውን አንድ ዙር አስነብበው ሦስት ዙር ሳያይ እንዲጽፍ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ አንባቢዎቹ በለጡ፣ 83 ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ 40 በመቶ፣ ጻፊዎቹ 61 በመቶ አስታወሱ። ማታ መጽሐፉን ስትዘጋ የሚሰማህ «ገባኝ» የአምስት ደቂቃው ውጤት ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ አንብብ፣ ዝጋው፣ ሦስቱን መልሶች በባዶ ወረቀት ጻፍ፣ ከዚያ ከፍተህ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙላ። በሁለተኛው ቀንና በሳምንቱ ድገመው።

ያለ ኪኒንና ያለ ጫት ለሦስት ሳምንት በቂ እንቅልፍ ተኝተህ፣ በዚህ መንገድም አጥንተህ ለውጥ ካላየህ ናና እንመርምርህ፤ ጭንቀትና ድብርት፣ የደም ማነስም ይታያሉ። ቀጠሮ የማይጠበቅበት አንድ ነገር ግን አለ። ትኩሳት ይዞህ ቀኑን ወይም ያለህበትን ቦታ ከሳትክ፣ ወይም ጓደኞችህ «ንግግሩ ተምታታ» ካሉ፣ በዚያው ሰዓት ሂድ። በዚህ አካባቢ ወባ አለ፤ ወደ አንጎል የወጣ ወባ እስከ ነገ አያቆይም።