ሲኒ ቡና ላይ ዋጋ ጨመርኩ፣ ገቢዬ ለምን አልጨመረም?

«ጅማ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ሲኒውን ከ20 ወደ 30 ብር ሳደርገው ሽያጬ በቀን ከ120 ወደ 80 ሲኒ ወረደ። ዋጋ ሲቀየር ሽያጭ ምን ያህል እንደሚቀየር የሚለካው ኢላስቲሲቲ 0.67 መጣልኝ፤ ገቢዬ ግን አልጨመረም። የት ተሳሳትኩ?»

እህቴ፣ ለውጡን ያካፈልሽው ለመነሻው ቁጥር ነው። ከ30 ወደ 20 ብትመለሺ በዚያው ስሌት 1.5 ይመጣል። ለአንድ መንገድ ሁለት መልስ!

ለአማካዩ አካፍዪው። የሽያጩ ለውጥ 40 ሲኒ፣ አማካዩ 100፤ 0.4 ነው። የዋጋው ለውጥ 10፣ አማካዩ 25፤ እሱም 0.4። ሁለቱ ሲካፈሉ 1 ይሰጣሉ (የመቀነስ ምልክቱን ትቼው ነው)። 1 ሲሆን ገቢ ባለበት ይቆማል፤ 20 በ120ም፣ 30 በ80ም 2,400 ብር ነው። ከ1 ቢበልጥ ገቢሽ ይወርድ ነበር፤ ከ1 ቢያንስ ደግሞ ይጨምር ነበር።

ዋጋውን ለመመለስ ግን አትቸኩዪ። ይሄ የሚነግርሽ ስለ ገቢ እንጂ ስለ ትርፍ አይደለም። አሁን በቀን የ40 ሲኒ ቡና፣ ስኳርና ከሰል ይተርፍሻል።