«በስምምነት ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ከመፈረምሽ በፊት

«ኮምቦልቻ ፋብሪካ 4 ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራ ቀንሷል ብለው ‹በስምምነት ለቅቄያለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም› የሚል ወረቀት ሰጡኝ። ብፈርም መብቴ ያበቃል?»

ሁሉም አያበቃም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 25 መሠረት፣ ሠራተኛ በሕግ ያለውን መብት ትቻለሁ ብሎ ቢፈርም ዋጋ የለውም። ያልተከፈለሽን ደመወዝ፣ ትርፍ ሰዓትና ያልወሰድሽውን የዓመት ፈቃድ ብትፈርሚም ትጠይቂያለሽ።

ጣጣው ያለው «በስምምነት» የምትለዋ ላይ ነው። ያለአግባብ ተሰናበትኩ ብለሽ ልመለስ ወይም ካሳ ይገባኛል ስትዪ ፊርማሽን ያወጡብሻል። የስንብት ክፍያውም ያከራክርሻል። ደመወዝሽ 6,000 ብር ነው እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለቀሪዎቹ 3 ዓመታት በየዓመቱ ሲሶው 2,000፤ ድምሩ 12,000 ብር ነው። ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ምክንያቱ «በሥራ መቀነስ» ተብሎ እንዲስተካከል ጠይቂ። እንቢ ካሉ ከፊርማሽ ጎን «የተቀበልኩት ይህን ብር ብቻ ነው፤ ቀሪ መብቴ የተጠበቀ ነው» ብለሽ ጻፊና በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

እኛ ጋ ሰው ሽማግሌ ይጨርሰው እያለ ቀኑ ሲያልፍበት አይቻለሁ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ጥያቄ በ3 ወር፣ የክፍያው በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል።