ለፕሮምፕተር ስክሪፕት ለምታዘጋጁ ልጆች

ስቱዲዮ ውስጥ ስክሪፕት ሳዘጋጅ ነው ዕድሜዬ የሄደው። ዛሬ ብዙዎቻችሁ በታብሌትም ቢሆን ፕሮምፕተር ትጠቀማላችሁ፣ ደስ ይላል። ግን በወረቀት የተጻፈውን እንዳለ ገልብጣችሁ የፕሮምፕተሩ መስታወት ላይ ስትለቁት አያለሁ፤ ስለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ ፋይሉን ሁለት አድርጉት። አንዱ ከነመመሪያው ለዳይሬክተሩና ለካሜራማኑ ይቅር። ሁለተኛው የአቅራቢዋ ነው፣ እሱ ላይ ከአፏ ከሚወጣው ቃል በቀር ምንም አይኑር። በቀጥታ ስርጭት ላይ ያለ ሰው ዓይኑ ያየውን አፉ ይለዋል፤ «ካሜራ ሁለት» የሚል ካገኘ «ካሜራ ሁለት» ብሎ ያነባል፣ ቅንፍ ውስጥ መሆኑን የሚያስተውለው ካነበበው በኋላ ነው።

መመሪያው በቅንፍ ከተጻፈ በማይክሮሶፍት ወርድ ቶሎ ይጠፋል። መፈለጊያና መተኪያው ላይ Use wildcards የሚለውን ምረጡና ይህን ፈልጉ፤ መተኪያውን ባዶ ተዉት፦

```
\(*\)
```

ግን ሁሉንም በአንዴ አትተኩ፣ አንድ በአንድ እያያችሁ ሂዱ። ጸሐፊው አንድ ቅንፍ ሳይዘጋ ረስቶ ከሆነ እስከሚቀጥለው መዝጊያ ድረስ ያለው የሚነበብ ጽሑፍ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። አንዳንዱ ቅንፍ ደግሞ መመሪያ ሳይሆን የሚነበብ ማብራሪያ ነው። «ትንሽ ቆም በል» የሚለውን መመሪያ ስታጠፉ በቦታው አንድ ባዶ መስመር ተዉ። አንባቢው ባዶውን ሲያይ ራሱ ይቆማል።

አሁን ወደ ፊደሉ መጠን እንምጣ። ብዙ ሰው በትልቁ ካደረገው ያለቀለት ይመስለዋል። በአማርኛ ግን ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ይሰጣል» ይሁን «አይሰጥም» የሚታወቀው እዚያ ስንደርስ ነው። ፊደሉን አግዝፋችሁ መስታወቱ ሦስት መስመር ብቻ ከያዘ፣ አንባቢዋ ዓረፍተ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሳታውቅ ትጀምራለች፣ ድምጿም ያልሆነ ቦታ ላይ ይወድቃል። ታዲያ ፊደሉን አታሳንሱ፣ ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሩት። ልኩን የምታውቁት አቅራቢዋ በምትቆምበት ቦታ ቆማችሁ ስታነቡ ነው፤ አንገታችሁን ወደፊት ካሰገጋችሁ ወይም ዓይናችሁን ካጨነቆራችሁ ፊደሉ ትንሽ ነው።

ለምሳሌ ይህን የጤና ፕሮግራም ስክሪፕት እንመልከት፦

(ካሜራ 2፣ ፈገግ ብላ) ሕፃናት ከተወለዱበት ጊዜ ጀምሮ እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት ወተት በስተቀር (ፎቶ ይግባ) ውሃም ቢሆን እንዳይሰጣቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል።

ሶፍትዌሩ እንዲሁ ሲቆርጠው «ከእናት ጡት» አንድ መስመር ላይ ይቀርና «ወተት በስተቀር ውሃም» ወደ ታች ይወርዳል። አንባቢዋ መስመሩ ሲያልቅ ትንፋሽ ትወስዳለች፣ ሐሳቡም እዚያው ይሰበራል። እኔ ብሆን ለሁለት ከፍዬ እንዲህ አደርገዋለሁ፦

ሕፃናት ከተወለዱ ጀምሮ
እስከ ስድስት ወር ድረስ
የእናት ጡት ወተት ብቻ
እንዲጠቡ
የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል።

እስከዚያ ድረስ
ውሃም ቢሆን አይሰጣቸውም።

6 «ስድስት» መሆኑን አያችሁ? ቁጥር በፊደል፣ ዶ/ር ደግሞ «ዶክተር» ተብሎ ይጻፍ። «እስከ»ን ከ«ድረስ»፣ ስምን ከማዕረጉ አትለያዩ። በአንድ መስመር ሦስት ወይም አራት ቃል ይበቃል። መስመሩ ከሰፋ ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ ሲመላለስ ተመልካቹ ያየዋል፣ እያነበበች መሆኑም ይታወቅባታል። ከዳርና ከዳር ሰፊ ባዶ ቦታ ትታችሁ ጽሑፉን ሌንሱ ፊት ለፊት ሰብስቡት። ጥቁር ላይ ነጭ ፊደል ይሻላል።

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። መጠኑን ሳትወስኑ በኢንተር መስመር መቁረጥ ከጀመራችሁ፣ በኋላ ፊደሉን ስታሳድጉ እያንዳንዱ መስመር እንደገና ይታጠፍና አንድ አንድ ቃል ብቻውን እየተንጠለጠለ ይቀራል። ሁሉንም መልሳችሁ ልትሠሩት ነው። ጽሑፉ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተተየበ ከሆነም ፕሮምፕተሩ ላይ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፣ ስለዚህ አንድ ገጽ አስቀድማችሁ እዚያው መስታወት ላይ ሞክሩ።

ልምምድ ላይ አጠገቧ ሁኑ። አንድ ቦታ ሁለቴ ከተደናቀፈች አንባቢዋን አትውቀሱ፣ መስመሩን ቀይሩት። የቀየራችሁት ቃል ከሆነ ደግሞ የዳይሬክተሩም ወረቀት ላይ ወዲያው ይስተካከል፤ ፎቶ የሚያስገባው ያቺን ቃል ጠብቆ ነውና ካልሰማት ፎቶው አይገባም።