ትርፍ አለ፣ ብር የለም

«የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። መዝገቤ ትርፍ ያሳያል፣ ካዝናዬ ግን ባዶ ነው። ብሩ የት ገባ?»

ብዙ ጊዜ ብሩ ያለው ደንበኛ እጅ ነው። ትርፍ የሚመዘገበው ዕቃው ሲሸጥ ነው፣ በዱቤም ቢሆን። የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ግን ብሩ መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ የሚለው ነው።

በእጅዎ 250,000 ብር አለ እንበል። አንድ ትምህርት ቤት 100 ዴስክ በ3,000 ብር ሒሳብ አዘዘ፤ የሚከፍለው ግን ከተረከበ ከ60 ቀን በኋላ ነው። ለጣውላ፣ ለብረትና ለሠራተኛ 220,000 ወጣ። መዝገቡ 80,000 ትርፍ ይላል። እጅዎ ላይ የቀረው ግን 30,000 ነው።

በቀጣዩ ወር ተመሳሳይ ትእዛዝ መጣ። ደስ ይላል፤ ግን እንደገና 220,000 ያስፈልጋል። 190,000 ጎደለ ማለት ነው። በዱቤ እየሸጡ ገበያው በደራ ቁጥር ጉድለቱም ይሰፋል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

ከሁለቱም ትእዛዞች 40 በመቶ ቅድመ ክፍያ ቢቀበሉ ኖሮ ሁለተኛውንም ሠርተው 50,000 በእጅዎ ይቀር ነበር። ትርፉ ያው ነው፤ የተለወጠው ብሩ የሚገባበት ቀን ነው።

አሁኑኑ የመጪዎቹን 8 ሳምንታት ገቢና ወጪ በየሳምንቱ ከፋፍለው ይጻፉ። ቀሪው ከዜሮ በታች የሚወርድበትን ሳምንት አስቀድመው ያዩታል።