ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሰርግ ቤት የተደበቀ ስኳር

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አያቴ ዕድሜያቸው ወደ 70 ይጠጋል፤ ስኳር ካለባቸው ቆይቷል። ጥር ላይ ደምበጫ አጠገብ የአክስቴን ልጅ ስንድር፣ አማቾቹ በሽተኛ ናት እንዳይሉኝ ብለው ለማንም አልተናገሩም። ቅዳሜና እሁድ ኪኒናቸውን ሳይውጡ የቀረበላቸውን ሁሉ በሉ። እሁድ ማታ ያለፋቸውን አራት ግሊቤንክላማይድ በአንድ ላይ ዋጡት፤ አረቄም ቀምሰዋል። ሊነጋጋ ሲል ላብ በላብ ሆነው ሲቀባዥሩ አገኘናቸው። ዘመዱ አረቄው ነው አለ፤ እኔ ደግሞ ስኳራቸው ጨምሮ ነው ብዬ ጣፋጭ ከለከልኩ። ጤና ጣቢያ ሲለኩ 38 ሆነ። ግሉኮስ ተሰጥቷቸው ነቁና ቤት ገባን፤ ከሰዓት በኋላ ግን መልሶ ጣላቸው። በዝቶ የከረመ ስኳር እንዴት ይወርዳል? ለምንስ ተመለሰ? ከፋሲካ በኋላ ሌላ ሰርግ አለብን፤ አሁንም ለሰው እንዳትነግሩብኝ ይላሉ። (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ አያትዎ ላይ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ተከታትለው ደርሰዋል። ሁለቱን ቀን ስኳራቸው ወጣ፣ በእሁድ ሌሊት ደግሞ ወረደ። ያወረደው የድግሱ ምግብ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የተዋጠው ኪኒን ነው።

ከመውጣቱ እንጀምር። ኪኒኑ ቀርቶ እንጀራው፣ ዳቦው፣ ጠላው ሲጨመር የደም ስኳር ይከማቻል። ኩላሊት ትርፉን በሽንት ሲያስወጣው ውኃም አብሮ ይወጣል፤ ስለዚህ ሰውየው ይጠማል፣ ይሸናል፣ ዓይኑ ይደበዝዛል። ዳስ ውስጥ በሽታውን የሚደብቅ ሰው ታዲያ ሌላ ጥፋት ይጨምራል። ቶሎ ቶሎ ብድግ ስል ሰው ያየኛል ብሎ ውኃ መጠጣቱን ይተዋል፣ ጥሙ ሲብስበት ደግሞ በለስላሳ ያስታግሳል። አንዱ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ስላለው ጥሙን መልሶ ያብሰዋል። አረጋውያን ላይ ይህ ለቀናት ከቀጠለ ሰውነት ይደርቃል፣ ድብታ ይመጣል፣ እስከ ራስ መሳትም ይደርሳል። አያትዎ እዚህ ደረጃ ሳይደርሱ ነው ወደ ሁለተኛው አደጋ የተሻገሩት።

ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያደርጋል። ሰው በላ አልበላ፣ ስኳሩ ወጣ ወረደ ብሎ አይጠይቅም፤ መግፋቱን ይቀጥላል። በብዛት የሚታደለው ባለ 5 ሚሊ ግራም ስለሆነ አራቱ 20 ሚሊ ግራም ናቸው። ይህ ለጠንካራ ጎልማሳ እንኳ የቀን ሙሉ ጣሪያ ነው፤ እሱም ተከፋፍሎ ይወሰዳል እንጂ ባንድ ጉርሻ አይዋጥም። በዚያ ላይ ሁለት ቀን ሲበላ የሰነበተ ሰው እሁድ ማታ ጠግቤያለሁ ብሎ እራት አይበላም። አረቄው ደግሞ የመጨረሻዋን መከላከያ ወሰደ። ሌሊት ሰው ሳይበላ ሲያድር ደሙ ውስጥ ስኳር የሚጨምረው ጉበት ነው፤ አልኮል ሲገባበት ጉበት እሱን ለማስወገድ ይጠመድና አዲስ ስኳር መሥራቱን ያቆማል። ለዚህ ነው ነገሩ ማታ ሳይሆን ሊነጋጋ ሲል የታየው።

ዘመዶችዎ አረቄ ነው ማለታቸው አያስገርምም። የወረደ ስኳር ምላስ ያንተባትባል፣ ያንገዳግዳል፣ ያናድዳል፣ የአረቄው ሽታም አለ። የሚለየው በመዳሰስ ነው። እጅዎን ግንባራቸውና ማጅራታቸው ላይ ያድርጉ፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ፣ እጃቸውም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ስኳሩ ወርዷል ብለው ይነሡ። ከዚያ ምላሳቸውን ይዩ፤ የደረቀ፣ የተሰነጣጠቀ ምላስና ለቀናት የቆየ ጥም ወደ መውጣቱ ያመለክታል። መውረድ በደቂቃዎችና በሰዓታት ይመጣል፣ መውጣት በቀናት።

መለኪያ ካለ ይለኩ፤ ከ70 በታች ወርዷል ማለት ነው። ሰርግ ቤት ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ጣት ላይ የማር፣ የብርዝ ወይም የለስላሳ ርዝራዥ ካለ መለኪያው ሐሰተኛ ከፍተኛ ቁጥር ያሳያል። መጀመሪያ ጣቱ በውኃና በሳሙና ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ይወጋ።

መለኪያ ከሌለ፣ ወይም መውጣቱንና መውረዱን መለየት ካቃተዎ ጣፋጭ ይስጡ እንጂ አይከልክሉ። ስኳር ለወጣበት ሰው ሦስት ማንኪያ ስኳር ቢጨመርበት ሐኪም ጋ እስኪደርስ ድረስ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ ለወረደበት ሰው ግን ያቺ ሦስት ማንኪያ ሕይወት ናት። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ጣፋጭ መከልከል በየቤቱ የሚሠራ ስህተት ስለሆነ ራስዎን አይውቀሱ፤ ሁለተኛ ግን አይድገሙት።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። ሰውየው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠው ያጠጡት። ስኳር ከጠፋ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ይሆናል። 15 ደቂቃ ይጠብቁና ካልተሻለው ይድገሙት። ሲነቃ ግማሽ እንጀራ በሽሮ ወይም ቁራሽ ዳቦ ያብሉት፤ ይህን ግን መጀመሪያ ላይ አይጀምሩበት፣ በተለይ በቅቤ የራሰውን፤ ቅባት ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይፍሰስበት፤ ወደ ሳንባ ይገባል። ጠበልም ቢሆን ይረጩት እንጂ አያጠጡት። በጎኑ አስተኝተው ትንሽ ማር በጣትዎ የጉንጩ ውስጥ ላይ እየቀቡ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ከሰዓት በኋላ ለምን ተመለሰ ላሉት፦ በደም ሥር የተሰጠው ግሉኮስ ብዙም ሳይቆይ ያልቃል፣ ግሊቤንክላማይድ ግን አያልቅም። ከአንድ ቀን በላይ ሊሠራ ይችላል፤ የአረጋዊ ኩላሊት ከደከመ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ግሉኮሱ ሲያልቅ ኪኒኑ ቆሽትን እየገፋ ስለነበር ስኳሩ እንደገና ወረደ። በዚህ ኪኒን ስኳሩ የወረደበት ሰው ነቃ ተብሎ ወደ ቤት አይመለስም፤ ቢያንስ 24 ሰዓት እየተለካ ጤና ተቋም ይቆያል። ሩቅ ገጠር ሆኖ መቆየት ካልተቻለ፣ ያን ቀንና ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እየተቀሰቀሰ ይብላ፣ ኪኒኑም ሐኪም ሳያይ አይቀጥል።

አሁን ወደሚመጣው ሰርግ። አያትዎ ለዳሱ ሁሉ እንዲናገሩ አላስገድድም፤ የራሳቸው ጉዳይ ነው። ነገር ግን አጠገባቸው የምትቀመጥ አንዲት ሰው ማወቅ አለባት። እርስዎ ከሆኑ እርስዎ፣ ካልሆነም የምታምኗት ልጅ። የነጠላቸው ጫፍ ላይ፣ ገንዘብ በሚቋጥሩበት ቦታ፣ በትንሽ ፌስታል አራት የሻይ ማንኪያ ስኳርና «ስኳር አለብኝ፣ ግሊቤንክላማይድ እወስዳለሁ» የሚል ወረቀት ይቋጠር። ማንም አያየውም፤ ሲወድቁ ግን ይገኛል። ለጉርሻው ደግሞ ጨጓራዬን ያመኛል ማለት ይበቃል። በአገራችን ጨጓራ ያለበትን ሰው አጥብቆ የሚያጎርስ የለም፤ ደግሞም ለሐኪሙ እስካልዋሹ ድረስ እኔ ቅር አይለኝም። እምቢ ማለት የማይቻል ጉርሻ ከመጣ ከሳህናቸው ያንኑ ያህል ይተዉ።

ኪኒኑን በተመለከተ ዋናው ችግር የድግስ ሰዓት አለመታወቁ ነው። ምሳ በ6 ሰዓት ተብሎ 9 ሰዓት ይቀርባል። ስለዚህ የጠዋቱ ኪኒን ቤት ውስጥ ቁርስ ተበልቶ ይዋጣል፤ የማታው ሳህኑ ፊታቸው ሲቀመጥ ብቻ። ምግብ ይመጣል ተብሎ አስቀድሞ አይዋጥም። ያመለጠው አመለጠ፤ ቀጣዩ በሰዓቱ አንድ ብቻ ይወሰዳል። ማካካስ የሚባል ነገር የለም። ሜትፎርሚንም የሚወስዱ ከሆነ ምግብ ላይ ይውጡት፤ ትውከት ወይም ተቅማጥ ከያዛቸው ሐኪም እስኪያያቸው ያቁሙት።

ምግቡ ላይ እንጀራውን ግማሽ፣ ሥጋውንና አይቡን እንደልብ ማድረግ ይቀላል። መጠጥ ላይ ግን ከአረቄው ጋር አልደራደርም፤ አይቀመስ። ጠላ ከተባለ አንድ ብርጭቆ፣ ከምግብ ጋር። ብዙ ሰው የሚስተው ብርዝን ነው። ስለማያሰክር ለአረጋውያንና ለሕፃናት ይቀዳል፤ በማርና በውኃ የተሠራ ስለሆነ ግን ለስኳር በሽተኛ ከጠጅ አይሻልም። ዋናው መጠጣቸው ውኃ ይሁን፤ መቀመጫቸውንም ሽንት ቤቱ ወዳለበት የዳሱ ጫፍ ያድርጉላቸው፤ ያኔ ለመደበቅ ብለው አይጠሙም።

ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ክትትል ወደሚያደርጉበት ይዘዋቸው ይሂዱና የሆነውን ሁሉ፣ አረቄውን ጭምር፣ ይንገሩ። የኩላሊት ምርመራ (ክሬቲኒን) ይታዘዝላቸው፤ በዚህ ዕድሜ አንድ ጊዜ 38 የደረሰን ሰው ግሊቤንክላማይድ ላይ ማቆየት አይመከርም፤ ሐኪሙ ስኳርን ከልክ በታች እምብዛም ወደማያወርድ መድኃኒት ሊቀይርላቸው ይችላል። ስኳራቸው ከምግብ በፊት 100 እና 180 መካከል ቢሆን ለእሳቸው መልካም ነው፤ እንደ ወጣት ዝቅ ለማድረግ መታገል አያስፈልግም። በድግሱ ቀናት ከ300 በላይ ከሆነና ድብታ፣ ማስመለስ ወይም ሽንት መቅረት ከተጨመረ ድግሱ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ይወሰዱ።