ሰኔ ላይ የጠየቀ፣ ጥቅምት ላይ የሚመዘገብ

ሜክሲኮ አካባቢ ባለ የግል ኮሌጅ ውስጥ በምዝገባና በማስታወቂያ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ማስታወቂያ ስንት ተማሪ እንዳመጣ ስለ መቁጠር ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ።

«ሰኔ ላይ ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ አወጣን። ጠያቂው ብዙ ነው፣ የሚመዘገበው ግን ጥቂት። አለቃዬ ይቁም እያሉኝ ነው።»

እህቴ፣ አሁን አታስቁሚው። ፌስቡክ በተለመደው አሠራሩ ውጤት ለማስታወቂያው የሚቆጥረው ሰው ማስታወቂያውን ከነካ በ7 ቀን ወይም ካየ በ1 ቀን ውስጥ ሲሆን ነው። የእኛ ሰው ሰኔ ላይ ይጠይቃል፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ይጠብቃል፣ ቤተሰብ ያማክራል። ጥቅምት ላይ ደግሞ ቢሮ መጥቶ ይመዘገባል። ያንን ፌስቡክ ከየት ያየዋል?

ጠያቂውን በጠየቀበት ወር መዝግቢው። እንበል ሰኔ ላይ 120 ሰው ጠየቀ፣ እስከ ሐምሌ መጨረሻ 6 ተመዘገበ። ያኔ ከተፈረደ ማስታወቂያው ከሰረ ይባላል። እነዚያኑ 120 እስከ ጥቅምት መጨረሻ ስትከታተዪ 27 ደርሰው ልታገኚ ትችያለሽ። የጥቅምትን ተመዝጋቢ ለጥቅምት ጠያቂ ማካፈል ግን ሁሉንም ያበላሻል። እስከዚያው ለአለቃሽ ከ120ዎቹ ስንቱ ግቢውን መጥቶ እንዳየ አሳዪያቸው። መጥቶ ያየ ሰው በስልክ ዋጋ ጠይቆ ከጠፋው ይለያል።

«እኛ የምዝገባ ፎርሙ ላይ ‹ከየት ሰሙ?› ብለን እንጠይቃለን። ያ ይበቃል።»

ወንድሜ፣ ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ጊዜው ግን ረፍዷል። ከአራት ወር በኋላ ሰው ትዝ የሚለው መጨረሻ የሰማው ነው። «ከጓደኛ» ብሎ ያልፈዋል። መጀመሪያ የደወለ ዕለት ጠይቁትና ጻፉት። የፎርሙን መልስ ሌላ አምድ ላይ አስቀምጡት እንጂ የመጀመሪያውን አትሰርዙበት።

«ልጅቷ በቴሌግራም ትጠይቃለች፣ አባቷ መጥተው ያያሉ፣ አጎቷ ይከፍላሉ። ሦስት ሰው ሆነው ተቆጠሩብን።»

በዚህ እኔም ተቃጥያለሁ። አንድ ክረምት ሙሉ፣ የመጡልን ወላጆች ከጠያቂዎቹ ጋር አልገጥም ብለውን ነበር። መዝገቡ በተማሪው ስም ይከፈት፣ የወላጅና የከፋይ ስልክ እዚያው ይግባ። ሪሴፕሽን ላይ ያለው ሰው «የልጁ ስልክ ስንት ነው?» ሳይል እንግዳ አያስገባ።

ስልኩም ራሱ ያታልላል። አንዱ 09 ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው +251 ብሎ። ኤክሴልም መጀመሪያ ላይ ያለውን ዜሮ ይበላዋል። የመጨረሻዎቹን 9 አኃዞች ብቻ አነጻጽሩ፦

```
=RIGHT(SUBSTITUTE(A2," ",""),9)
```

«ልጄን ላስመዘግብ ነበር። እስከ መቼ ነው?»

እናቴ፣ እዚህ የምናወራው ስለ ኮሌጆች መዝገብ አያያዝ ነው። ቀኑን የሚነግርዎ ኮሌጁ ራሱ ነው። ከመክፈልዎ በፊት ግን የመረጡት ትምህርት በዚያው ካምፓስ ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያጣሩ።

«አንዲት አዲስ ተመዝጋቢ አለች፣ እህቷ እኛ ጋ ትማራለች። ፒያሳ ያለውን ባነራችንንም አይታለች። ምዝገባዋ ለየትኛው ይጻፍ?»

እኔ ሁለቱንም እጽፋለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ግን «እህቷ ባትኖር አትመጣም ነበር፣ ባነሩን ተወው» ይላል። ሁለት ዓመት ተከራክረንበታል፣ እስካሁን አልተስማማንም።