የጀርመን እሽግ ላይ ወተትና እንቁላልን መለየት

«ጀርመን ከመጣን ሦስት ወራችን ነው። የ4 ዓመት ልጄ የወተትና የእንቁላል አለርጂ አለባት። ቋንቋውን ገና አልቻልኩም፤ ሱቅ ስገባ እሽጉ ላይ የተጻፈውን በምን ልለየው?»

እህቴ፣ እኔም የመጀመሪያውን ዓመት በዚሁ ጭንቀት ነው ያሳለፍኩት፤ ልጄ ወተት አይነካም። ቋንቋውን እስክትችዪ መጠበቅ የለብሽም። ለጊዜው የሚበቃሽ ጥቂት ቃል ነው።

በመጀመሪያ እሽጉን አዙሪና «ትሱታተን» የሚለውን ፈልጊ፤ በዜድ ይጀምራል። ግብዓቶች ማለት ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ዝርዝር ከብዙው ወደ ጥቂቱ በክብደት ይወርዳል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ 14 አለርጂ አምጪዎች እዚያው ዝርዝሩ ውስጥ ከሌላው ጽሑፍ ተለይተው እንዲታዩ ያስገድዳል። አንዳንዱ አምራች ያደምቃቸዋል፣ አንዳንዱ በትልልቅ ፊደል ይጽፋቸዋል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶችሽ «ከሥር ‹ይዟል› የሚለውን ብቻ እዪ» ቢሉሽ አትስሚ፤ እዚህ ዝርዝሩን ራሱን ነው የምታነቢው።

ወተት «ሚልሽ» ነው፦ ኤም፣ አይ፣ ኤል፣ ሲ፣ ኤች። ጀርመኖች ቃል በቃል ላይ ስለሚቀጥሉ ለብቻው ላታገኚው ትችያለሽ። «ማገርሚልሽፑልፈር» አንድ ረጅም ቃል ነው፤ ስብ የወጣለት የወተት ዱቄት ማለት ነው። አንዳንዴ መሃል ያለው «ሚልሽ» ብቻ ደምቆ ዳርና ዳሩ ቀጭን ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ የቃሉን መጀመሪያ ብቻ አይተሽ አትለፊ። «ሞልከ» አጓት ነው፤ ብስኩትና ቺፕስ ውስጥ ይደበቃል። «ዛነ» ክሬም ነው። «ቡተር» ቅቤ ነው፣ «ካዛይን» ደግሞ የወተት ፕሮቲን። ቋሊማ ውስጥ እንኳ የወተት ፕሮቲን አግኝቻለሁ፤ ሥጋ ነው ብለሽ አትዘናጊ።

በተቃራኒው «ሚልሽዞይረ» ስታዪ አትደንግጪ። ስሙ ወተት ቢልም ማኮምጠጫ አሲድ ነው፤ የኮመጠጠ አትክልት ማሰሮ ላይ ታገኚዋለሽ። «ካካዎቡተር»ም የካካዎ ስብ እንጂ የላም ቅቤ አይደለም። ሁለቱም እንደ አለርጂ አምጪ ደምቀው አይጻፉም፤ የምትለያቸውም በዚሁ ነው።

እኔን ያሳሳተኝ «ላክቶዘፍራይ» የሚል እርጎ ነበር። ወተት የሌለው መስሎኝ ለልጄ ሰጠሁት፤ ከንፈሩ አበጠ። ለካ የሌለበት የወተት ስኳር ብቻ ነው፤ አለርጂውን የሚያስነሳው ፕሮቲን እንዳለ አለ። ያ እርጎ ወተት መፍጨት ለሚያስቸግረው ሰው እንጂ ለልጅሽ አይደለም።

የእንቁላሉ ነገር ደግሞ ያስቃል። እንቁላል «አይ» ነው፤ ሲጻፍ ኢ እና አይ፣ ሁለት ፊደል ብቻ። «ፎልአይ» ሙሉው እንቁላል ነው፣ «አይጌልብ» አስኳሉ፣ «አይቫይስ» ነጩ። ችግሩ «አይቫይስ» ተራ ፕሮቲንም ማለት መሆኑ ነው። አንድ ቀን ስፓጌቲ ገዝቼ ስመለከት ሠንጠረዡ ላይ «አይቫይስ 12,5 ግራም» ይላል። እንቁላል አለው ብዬ ስድስት እሽግ ለጎረቤት ሰጠሁ! ግብዓቱን ባነብ ኖሮ የስንዴ ዱቄት ብቻ ነበር። ስለዚህ በአልሚ ምግብ ሠንጠረዥ ውስጥ ያለው «አይቫይስ» የፕሮቲን መጠን ነው፤ ማንኛውም ምግብ ላይ አለ። በግብዓት ዝርዝር ውስጥ ካገኘሽው ግን ከፊቱ ያለውን እዪ፦ «ሚልሽ» ካለ የወተት ፕሮቲን ነው፣ «ዞያ» ካለ የአኩሪ አተር፣ «ሁነር» ካለ የዶሮ እንቁላል ነጭ። ከፊቱ ምንም ከሌለና ከደመቀ መልሺው።

ቁጥሩም ከለመድነው የተገለበጠ ነው። 12,5 አሥራ ሁለት ተኩል ነው፤ ነጠላ ሰረዙ የነጥብን ቦታ ይይዛል። 1.506 ኪሎጁል የሚል ካየሽ ደግሞ አንድ ሺህ አምስት መቶ ስድስት ነው። አጠገቡ 360 ኪሎካሎሪ ተብሎ ይጻፋል፤ ያው ጉልበት በሌላ መለኪያ ነው፣ አትደምሪያቸው። ሠንጠረዡ የ100 ግራም እንጂ የእሽጉ ሙሉ ልክ አይደለም።

ከዝርዝሩ በታች «ካን ሽፑረን ፎን» ብሎ ከጀመረ ከዚያ በኋላ የሚጠራው ነገር በስህተት በትንሹ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። ይህን መጻፍ ግን ግዴታ አይደለም፤ አለመጻፉ ምንም ንክኪ የለም ማለት አይደለም። «ቪጋን» የሚለውም እንዲሁ። እኔ በጾም እገዛዋለሁ፤ ለልጄ ግን የንክኪውን ማስጠንቀቂያ ሳላይ አልሰጠውም። ልጅሽ ንክኪ ምን ያህል እንደሚጎዳት ሐኪሟ ነው የሚነግርሽ።

ዳቦ ቤት በእጅ የሚሸጠው እሽግ የለውም፤ ሻጯን ጠይቂ፣ መረጃው በጽሑፍ ሊኖራቸው ይገባል። የለመድሽውን ብስኩት እንኳ በገዛሽ ቁጥር ደግመሽ አንብቢ፤ አንዴ መጠቅለያው ሳይለወጥ ዝርዝሩ ላይ «ሞልከ» ገብቶ አገኘሁ።